«ስሜን አስገቡልኝ»፦ የቡድን ሥራ ሰነፍን እንዴት ያመርታል?

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የተማረ ሰው ሁሉ ይህችን ዓረፍተ ነገር ያውቃታል፤ «ስሜን አስገቡልኝ»። የምትመጣው አሳይመንቱ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አብዛኛውን ጊዜ ማታ ላይ ነው። ላኪው ለሦስት ሳምንት ድምፁ ያልተሰማ የቡድን አባል ነው። ተቀባዩ ደግሞ ሥራውን ብቻውን ጨርሶ ገጽ ቁጥር እያስገባ ያለ ተማሪ። ስሙም ይገባል። አምስት ስም፣ አንድ ሥራ፣ እኩል ውጤት።

ከዚያ በኋላ ወቀሳው ይጀመራል። «እገሌ ሰነፍ ነው»፣ «እገሊት ነፃ ተሳፋሪ ናት»፣ «የዘንድሮ ተማሪ ወኔ የለውም»። ወቀሳው ቀላል ነው፤ ግን የተሳሳተ ሰው ላይ ያረፈ ነው። አብዛኛው «ምንም ያልሠራ» አባል የተፈጠረው ሥራው በተከፋፈለበት በመጀመሪያው ቀን፣ በአሥር ደቂቃ ስብሰባ ላይ ነው። የከፋፈሉት ደግሞ ጎበዞቹ ናቸው።

ይህ ነገር ከየት እንደመጣ ለማስታወስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኢሕአዴግ ዘመን «አንድ ለአምስት» የሚባል አደረጃጀት ከገበሬው መንደር እስከ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ድረስ ወርዶ ነበር። በትምህርት ቤት ሲተረጎም፣ ጎበዝ የተባለው ተማሪ መሪ ይሆናል፣ ሌሎቹ በሥሩ ይሰለፋሉ። ሐሳቡ ጎበዙ ደካማውን እንዲያበቃ ነበር። በተግባር ግን ብዙ ቦታ ጎበዙ ይሠራል፣ ቀሪዎቹ ይፈርማሉ፣ ሪፖርቱ «ቡድኑ ተወያይቷል» ይላል። አደረጃጀቱ በፖለቲካ ክትትልነቱ ብዙ ተተችቷል፤ ትችቱም ተገቢ ነበር። በመማሪያ ክፍል ያስተማረው ልማድ ግን ብዙም ሳይነካ ቀረ። ልማዱም ይህ ነው፦ ቡድን ማለት አንድ ሠሪና አራት ስም ማለት ነው።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ይህ ተረት በየስብሰባው ይጠቀሳል፤ ሰው የሚዘለው ግን ዋናውን ነገሩን ነው። ሎሚ ይቆጠራል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሎሚ ይደርሰዋል፣ እጁ ላይ ይታያል፣ ባዶ እጁን የመጣ ሰው ወዲያው ይታወቃል። ሃምሳው ሰው አንድ ትልቅ ጆንያ ሎሚ በጋራ ቢሸከም ኖሮ ተረቱ ሌላ ይሆን ነበር፤ ከሥር ገብቶ የሚሸከመው ጥቂት፣ ጆንያውን ነካ አድርጎ የሚሄደው ብዙ።

ይህንን የፈተኑ ሰዎች አሉ። ማክስ ሪንገልማን የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ለካ፤ ውጤቱን በ1913 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ስምንት ሰዎች አብረው ሲጎትቱ የተገኘው ኃይል፣ ስምንቱ ለየብቻቸው ሲጎትቱ ከሚደመረው ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። አንዱ ምክንያት እኩል ጊዜ አለመሳባቸው ነው። ሌላውን ምክንያት በ1970ዎቹ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለዩት፤ ተሳታፊው ዓይኑ ታስሮ ሌሎች ከኋላው አብረውት እየጎተቱ እንደሆነ ሲነገረው፣ በእርግጥ ብቻውን ሆኖ ሳለ ጉልበቱን ቀነሰ። ላታኔ፣ ዊልያምስና ሃርኪንስ የተባሉ የሥነ ልቦና ሰዎች ደግሞ በ1979 እ.ኤ.አ. ሰዎችን በቡድን እያስጮኹና እያስጨበጨቡ ተመሳሳይ ነገር አገኙ። ከሁሉ የሚጠቅመው በ1981 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናታቸው ነው። የእያንዳንዱ ሰው ድምፅ ለብቻው እንደሚለካ ለሰዎቹ ሲነገራቸው፣ በቡድን ውስጥ ሆነውም ጉልበታቸውን አልቆጠቡም። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ድርሻቸው መታየቱ ነው።

እንግዲህ ይህ በባሮ ዳርቻ ምን ይመስላል?

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የሚማሩ አምስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይታሰቡ። ሁለቱ የክልሉ ልጆች ናቸው፤ አንዱ አኝዋክኛ፣ አንዱ ኑዌርኛ ይናገራል። ሦስቱ ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ ናቸው። የተሰጣቸው ሥራ በባሮ ዳርቻ ዓሣ የሚሸጡ ሰዎች ሳይሸጥ ያደረውን ዓሣ ምን እንደሚያደርጉት ማጥናት ነው፤ ያደርቁታል? ያጨሱታል? በርካሽ ይለቁታል? ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ በሚጠጋበት ከተማ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ጊዜው አራት ሳምንት ነው፤ ሰኞ ተሰጥቶ በአራተኛው ሳምንት ዓርብ ይገባል።

የተለመደው አከፋፈል በምዕራፍ ነው። አንደኛው መግቢያውን፣ ሁለተኛው የቀድሞ ጥናቶችን፣ ሦስተኛው የጥናት ዘዴውን፣ አራተኛው ውጤቱን፣ አምስተኛው መደምደሚያውን ይወስዳል። አምስት ሰው፣ አምስት ምዕራፍ፤ ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል። አሁን አምስተኛው ልጅ ላይ ይተኮር። መደምደሚያ ለመጻፍ ውጤቱ መኖር አለበት። ውጤቱን የሚጽፈው አራተኛው ነው፤ እሱ ደግሞ መረጃ ያስፈልገዋል። ወጥቶ ሻጮቹን የሚጠይቀው ማን ነው? «ሁላችንም»። ሁላችንም ማለት ማንም ማለት ነው። ስለዚህ አምስተኛው ልጅ ሦስት ሳምንት ሙሉ የሚሠራው ነገር የለውም። በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ ማታ «ያንተስ የታለ?» ሲባል ይደናገጣል፤ ከሆነ ቦታ ገልብጦ ይልካል፤ ወይም ስልኩን ያጠፋል። በማግስቱ ስሙ «ሰነፍ» ነው። ሰነፍ ያደረገው ግን የተሰጠው ወረፋ ነው።

የቋንቋው ጉዳይ ደግሞ አለ። ቡድኑ የሚወያየው በክልሉ የሥራ ቋንቋ በአማርኛ ነው። የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ከሻጮቹ አንዳንዶቹ ደግሞ የሚመልሱት በአኝዋክኛ ወይም በኑዌርኛ ነው። «ቋንቋውን ስለምትችሉ እናንተ ትረዱናላችሁ» ተብለው ሁለቱ የክልሉ ልጆች አብረው ይወጣሉ። ጠይቀው፣ ሰምተው፣ ተርጉመው ይመለሳሉ። ይህ ሥራ በየትኛው ምዕራፍ ይገባል? በየትኛውም። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው እንግሊዝኛ የሌላ ሰው ነው። በስብሰባው ላይ ፈጥኖ የሚናገረውም አማርኛ አፉን የፈታበት ልጅ ነው። መጨረሻ ላይ «እነሱ ምን ሠሩ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ከጥያቄው ጀርባ ያለው ሐሜት ደግሞ ከአንድ አሳይመንት በላይ ይሄዳል፤ «የዚህ ብሔር ልጆች አይሠሩም» ወደሚል ይዞራል። የብሔር ቁርሾ ብዙ ሰው ባስከፈለበት ከተማ ይህ ቀልድ አይደለም። መጥፎ የሥራ ክፍፍል መጥፎ ወሬ ይወልዳል።

መፍትሔው ሎሚውን መቁጠር ነው። ቡድኑ 32 ሻጮችን ሊጠይቅ ወስኗል ይባል። ከእነዚህ 24ቱ በአማርኛ ይመልሳሉ፤ 8ቱ ደግሞ በአኝዋክኛ ወይም በኑዌርኛ ብቻ። በሌላ ቋንቋ የተደረገ ቃለ መጠይቅ ሁለት ጊዜ የሚሠራ ሥራ ነው፤ አንዴ ይጠየቃል፣ አንዴ ተተርጉሞ ይጻፋል። ስለዚህ እንደ ሁለት ይቆጠር። ድምሩ 24 ሲደመር 16፣ ማለትም 40 ይሆናል፤ ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 8 ይደርሳል። ሦስቱ ልጆች ስምንት ስምንት ሻጭ በአማርኛ ይጠይቃሉ። ሁለቱ የክልሉ ልጆች አራት አራት ሻጭ ይጠይቁና ራሳቸው ወደ አማርኛ መልሰው ይጽፋሉ። ይህ በመጀመሪያው ቀን በወረቀት ካልሰፈረ፣ በመጨረሻው ቀን «እኛ ስምንት ስንጠይቅ እነሱ አራት» የሚል ክስ መምጣቱ አይቀርም። ከሰፈረ ግን ክሱ መነሻ የለውም።

ጽሑፉም ከዚያ በኋላ ነው የሚከፋፈለው፤ ያኔም ሁሉም ሰው ሻጮቹን ያውቃቸዋል። አንዱ ስለ ማድረቅ የተባለውን፣ አንዱ ስለ ማጨስ፣ አንዱ ስለ ዋጋ፣ አንዱ ስለ በረዶና መጓጓዣ፣ አንዱ መግቢያውንና የቀድሞ ጥናቶቹን ይጽፋል። መደምደሚያው አብሮ ተቀምጦ የሚጻፍ ነው። ማንም ማንንም ቆሞ አይጠብቅም።

ቀጣዩ የቀን ጉዳይ ነው። የተማሪ ቡድን ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ያውቃል፤ መምህሩ የሰጠውን። እሱ የመምህሩ ቀን ነው፣ ለቡድኑ ሥራ አያገለግልም። የቡድኑ ቀኖች ከመጨረሻው ወደ ኋላ ነው የሚቆጠሩት።

ዓርብ የሚገባ ሥራ ረቡዕ መታተም አለበት። መብራት በሚጠፋበት፣ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት፣ ማተሚያ ቤት ላይ ሁሉም ክፍል በአንድ ቀን በሚሰለፍበት ከተማ ሐሙስን ለአደጋ መተው ግድ ነው። ረቡዕ እንዲታተም ሰኞ አምስቱም አንድ ላይ ቁጭ ብለው ማንበብ አለባቸው። ለዚያ ደግሞ የእያንዳንዱ ጽሑፍ በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ይደርሳል። ጽሑፉ እንዲጻፍ በዚያው ሳምንት ሰኞ የሻጮቹ መልስ በአንድ ሠንጠረዥ ይሰበሰባል። ስለዚህ ቃለ መጠይቁ በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ያልቃል፤ ረቡዕ ላይ ግማሹ ይቆጠራል። መጠይቁ ራሱ በመጀመሪያው ሳምንት ዓርብ ዝግጁ ይሆናል።

ከእነዚህ ሁሉ ቀኖች የሚበልጠው ግን ገና ያልተጠቀሰው ነው፦ የመጀመሪያው ረቡዕ። ሥራው በተሰጠ በሁለት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ አባል ለመጠይቁ የሚሆኑ ሦስት ጥያቄዎችን ይልካል። ሦስት ጥያቄ፣ የአሥር ደቂቃ ሥራ። ጥቅሙ ከጥያቄዎቹ ይልቅ ዝምታውን ማሳየቱ ነው። የአሥር ደቂቃ ሥራ ያልላከ ሰው አንድ ነገር ሆኗል፤ ስልኩ ተበላሽቷል፣ ሥራው አልገባውም፣ ታሟል፣ ቤተሰብ ጋ ሄዷል ወይም በእርግጥ ሊሠራ አላሰበም። የትኛው እንደሆነ በሦስተኛው ቀን ማወቅና በሃያ አምስተኛው ቀን ማወቅ የሰማይና የምድር ልዩነት አለው። በሦስተኛው ቀን ይታገዛል፤ በሃያ አምስተኛው ቀን ይሰደባል።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና፣ ወደ ማስታወሱ። እዚህ ላይ ቡድኖች የሚሠሩት ስህተት አንድ ዓይነት ነው። በቴሌግራም ግሩፑ ላይ «ያልሠራችሁ ሰዎች ብትሠሩ ጥሩ ነው» ብለው ይጽፋሉ። ይህ መልእክት ለማንም የተጻፈ አይደለም። የሠራው ይናደዳል፣ ያልሠራው «ሌሎችም አልሠሩም ማለት ነው» ብሎ ይጽናናል። ሌላው ስህተት ደግሞ በጨዋነት የተለበጠው «ሰላም ነው? ጠፋህ» ነው። መልሱ «አለሁ» ነው። ተጠየቀ፣ ተመለሰ፣ ሥራው ያው።

የሚሠራ ማስታወሻ ለአንድ ሰው፣ በግል፣ ስለ አንድ ነገር ነው። ይህን ይመስላል፦

«ወንድሜ ሰላም። ያንተ ቃለ መጠይቆች አራቱ እስከ ዛሬ ረቡዕ ነበሩ። እስካሁን ስንት አለህ? ሁለትም ቢሆኑ የደብተርህን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ያስቸገረህ ነገር ካለ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይብረሪ በር ላይ ነኝ፤ አብረን እንውጣ።»

ውስጡ አራት ነገር አለ፦ ምን እንደሚጠበቅ፣ መቼ እንደነበር፣ በቁጥር የሚመለስ ጥያቄ፣ እና መውጫ በር። «ስንት አለህ?» ለሚል ጥያቄ «አለሁ» ብሎ መመለስ አይቻልም። ዜሮ ከሆነም ዜሮ መሆኑ ይታወቃል።

በአንድ ቀን ውስጥ መልስ ካልመጣ ሌላ ጽሑፍ መላክ አይጠቅምም። ይደወላል፤ ካልተነሳ ዶርሙ ድረስ ይኬዳል። በጋምቤላ ኔትወርክ መጥፋቱ እውነተኛ ምክንያት ነው፤ ክረምት ላይ ባሮ ሲሞላ ቤተሰቡ ኢታንግ አካባቢ ያለ ልጅ ልቡ ሌላ ቦታ መሆኑም እውነተኛ ምክንያት ነው። እውነተኛው ምክንያት ከተገኘ ድርሻው ይቀየራል። ወደ ገበያ መውጣት ያልቻለ ሠንጠረዡን ይሥራ። ድርሻው ይቀነስ ይሆናል፣ ዜሮ ግን አይሁን፤ ዜሮ የሆነ ዕለት ስም ብቻ ቀረ ማለት ነው።

ምክንያት ከሌለ ደግሞ ሦስተኛው እርምጃ በቡድኑ ፊት፣ ፊት ለፊት ነው፦ «ከስምንቱ አራቱን እስከ ቅዳሜ ካላመጣህ፣ ሰኞ ለመምህሩ ሁኔታውን እንነግራለን፤ ከኋላህ እንዳይሆን አሁን እየነገርንህ ነው።» ከዚያም ሰኞ በእርግጥ ይነገራል። ሥራው ከመግባቱ አሥር ቀን በላይ ቀርቶ የተነገረው መምህር ሊጠራው፣ ሊያስጠነቅቀው፣ ሌላ ሥራ ሊሰጠው ይችላል። በመግቢያው ቀን የተነገረው መምህር ግን የሚሰማው ጭቅጭቅ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ይሉኝታ ይነሳል። «የሰው ልጅ እንዴት ይከሰሳል?»፣ «አሥር ነጥብ ምን አላት?»፣ «ነገ እንገናኛለን»። ይህ ደግነት አይደለም። ይሉኝታ ያለው ቡድን ለአባሉ ሦስት ሳምንት ምንም ሳይለው፣ በአራተኛው ስሙን ያስገባለታል፤ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ያማዋል። በሁለተኛው ሳምንት ፊት ለፊት የተነገረው ልጅ ግን የመሥራት ዕድል አግኝቷል፣ ክብሩም አልተነካም። የቱ ነው ጭካኔው?

ሌላም ተጠያቂ አለ፤ ጎበዙ። ውጤቱ እንዳይበላሽ ፈርቶ «ተውት፣ እኔ እሠራዋለሁ» የሚለው ተማሪ እንደ ሰማዕት ይታያል። ነገር ግን ሌሎቹ የላኩትን ሳያነብ የሚጥለው፣ የክልሉን ልጅ እንግሊዝኛ «አይሆንም» ብሎ ከማረም ይልቅ ከሥሩ የሚሰርዘው እሱ ነው። ሁለቴ የተጣለበት ሰው ሦስተኛ አይልክም። «ስሜን አስገቡልኝ» የሚለው ልጅ አንዳንዴ የተገፋ ልጅ ነው። መሪ የሆነ ሰው የደረሰውን ጽሑፍ የማስተካከል መብት አለው፤ ከማስተካከሉ በፊት ግን ለጸሐፊው መልሶ ልኮ «ይህን ሁለተኛ አንቀጽ በቁጥር አስደግፈው» ማለት አለበት። ያ አንድ ቀን ይፈጃል፤ ያ ቀን በዕቅዱ ውስጥ መኖር አለበት። ሐሙስ ደርሶ ሰኞ የሚነበበው ለዚህ ነው።

እውነተኛ ሰነፍ የለም ወይ? አለ። በተቆጠረ ሥራ፣ በተከፋፈለ ቀን፣ በግል ማስታወሻ፣ በዶርም ጉብኝት ሁሉ አልፎ የማይሠራ ሰው አለ። የዚህ አሠራር ጥቅሙ እሱን ከአምስተኛው ወረፋ ጠባቂ፣ ከተርጓሚው፣ ከታመመው መለየቱ ነው። ዛሬ አራቱም በአንድ ስም ይጠራሉ፤ እውነተኛው ሰነፍም በሦስቱ ንጹሐን መካከል ተሸሽጎ ይመረቃል።

የመጨረሻው ድርሻ የመምህራን ነው። ለአምስት ሰው አንድ ውጤት የሚሰጥ መምህር ስለ ስንፍና የማማረር መብት የለውም፤ ገመዱን በጋራ አስጎትቶ የማንንም ጉልበት ሳይለካ ነው። ማን ምን እንደሠራ የሚያሳይ፣ አምስቱም የፈረሙበት አንድ ገጽ መጠየቅ ይችላል፤ ያውም በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ገና ሊስተካከል በሚችልበት ጊዜ። በመግቢያው ቀን የሚፈረመው ዝርዝር በይሉኝታ የተሞላ ነው፤ ሁሉም «እኩል ሠርተናል» ይላል። ከ15 ነጥብ 10ሩን ለጋራ ሥራው፣ 5ቱን ለግል ጥያቄ ማድረግም ይችላል። ጥያቄው ከባድ መሆን የለበትም። «ካነጋገርካቸው ሻጮች ዓሣው ሲያድርበት የተለየ ነገር የሚያደርግ ማን ነበር? ለምን?» ይበቃል። ገበያ የወጣ ልጅ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛም ቢሆን፣ የሴትየዋን መልስ እስከ ገጽታዋ ይተርካል። ያልወጣው የመጽሐፍ ትርጉም ይዘረዝራል። ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

ከእነዚህ ተማሪዎች ብዙዎቹ ነገ በወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በእርዳታ ድርጅት፣ በጤና ጣቢያ ውስጥ በቡድን ይሠራሉ። እዚያም ኮሚቴ ይቋቋማል፣ አምስት ስም ይጻፋል፣ አንድ ሰው ይሠራል፣ ሪፖርቱ «ኮሚቴው» ይላል። ያ ሪፖርት ስለ ጎርፍ እርዳታ ወይም ስለ ክትባት ሊሆን ይችላል። «ስሜን አስገቡልኝ» ያኔ የአሥር ነጥብ ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ቀጣዩ የቡድን ሥራ ሲሰጥ፣ በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ የሚጠየቀው ጥያቄ «ማን የትኛውን ምዕራፍ ይውሰድ?» አይሁን። «ለእያንዳንዳችን ስንት ሎሚ ይደርሰናል፣ ረቡዕ ማታስ በእጃችን ምን ይታያል?» ይሁን።